ጅቡ ፊቱን ያዞረው መቼ ነው?

«ልጄ አራት ወሩ ነው። ሌሊት ስለሚነቃ እኔም ስነቃ ስተኛ ነው የማድረው። ከአንድ ወር በፊት በህልሜ ጅብ አየሁ። ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ደጃፌ ላይ ተኝቷል። የሚገርመው ምንም አልፈራሁም፤ እንዲያውም ቅልል አለኝ። ጅብ ለእኔ አዲስ አይደለም። ያደግኩት ገጠር አያቴ ጋ ነው፤ ሌሊት ሲጮህ አያቴ አቅፋኝ ነበር የምተኛው። ህልሙን ለአክስቴ ስነግራቸው ግን ደነገጡ። ‹ጅብ ቡዳ ነው። ልጅሽ ላይ ዓይኑን የጣለ ሰው አጠገብሽ አለ› አሉኝ። በሦስተኛው ሌሊት ጅቡ ተመልሶ መጣ። አሁን ግን ፊቱን ወደ ልጄ አልጋ አዙሯል። እየጮህኩ ነቃሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ደግሞኛል። ጎረቤቴ የሆነች ሴት አለች፤ ወላጆቿ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ስወልድ ቤቴን ስታጸዳ፣ ስታበስልልኝ የከረመችው እሷ ነች። አሁን ልጄን እንዳታቅፈው ሰበብ እፈልጋለሁ። በዚህ መሃል ደግሞ የሟች አያቴን ላም አየሁ። እጄን ትልሰኛለች። እያለቀስኩ ነቃሁ። አክስቴ ግን ‹ላም ሀብት ነው፤ ደስ ይበልሽ› አሉ። ማንን ልመን፣ አክስቴን ወይስ ሆዴን? — ግራ የገባት እናት»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ። መጀመሪያ ጅቡ መጣ፤ ፍርሃት አልነበረም። ከዚያ ፍቺው መጣ። ፍርሃቱ የመጣው ከፍቺው በኋላ ነው። ጅቡ ፊቱን ያዞረውም ከፍቺው በኋላ ነው። የመጀመሪያው ህልም የአንቺ ነው። ሁለተኛው ግን አክስትሽም እጃቸውን ያስገቡበት ህልም ነው።

ይህን ስል አክስትሽን ለመውቀስ አይደለም። «ህልም እንደ ፈቺው ነው» ስንል ኖረናል፤ አባባሉ የያዘው ነገር ከምናስበው በላይ ከባድ ነው። በእስልምና ሐዲስ ህልም በወፍ እግር ላይ እንዳለ ነገር ነው ይባላል። ካልተፈታ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ሲፈታ ይወድቃል። ለዚህ ነው ክፉ ህልም ያየ ሰው ለማንም እንዳይናገር፣ መልካም ያየም ለሚወደው ሰው ብቻ እንዲናገር የሚመከረው። በአይሁድ ታልሙድ ደግሞ አንድ ሊቅ ያዩትን አንድ ህልም በኢየሩሳሌም ለነበሩ 24 ህልም ፈቺዎች ነገሩ። ሃያ አራቱም የተለያየ ፍቺ ሰጧቸው፤ የሁሉም ደረሰ ይላል ታሪኩ። እነዚህ ሁሉ የሚያስጠነቅቁት ስለ አንድ ነገር ነው። ህልምሽን ለማን እንደምትነግሪ ተጠንቀቂ፤ የሰማሽው ነገር አብሮሽ ያድራልና።

ደግሞ በአንቺ ላይ የሰማሽው ነገር በቀላሉ አብሮ የሚያድርበት ጊዜ ነው። ብዙውን ህልም የምናየው ዓይናችን ከሽፋኑ ሥር በፍጥነት በሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል ነው። ይህ ክፍል በግምት በየ90 ደቂቃው ይመጣል፣ ወደ ንጋት ሲቃረብም ይረዝማል። በዚያ ሰዓት ፍርሃትንና ስሜትን የሚያንቀሳቅሰው የአንጎል ክፍል በደንብ ይሠራል፤ «ቆይ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ክፍል ግን ዘና ብሏል። ሌላው ሰው ያንን ሁሉ ተኝቶ ያልፈዋል፤ ጠዋት ትዝም አይለው። አንቺ ግን ልጅሽ ሲያለቅስ ከመሃሉ ትነቂያለሽ፤ ስለዚህ ህልሙን እንደያዝሽ ትነሻለሽ። እ.ኤ.አ. በ2007 ቶሬ ኒልሰንና ታይና ፓኬት የተባሉ የሞንትሪያል ተመራማሪዎች ስለ አዲስ እናቶች ህልም ባሳተሙት ጥናት፣ ልጄ አደጋ ላይ ነው የሚል ህልም በወለዱ ሴቶች ዘንድ በጣም የተለመደ መሆኑን አሳይተዋል። ልጁ አልጋ ውስጥ ጠፋ፣ ወደቀ፣ ታፈነ የሚል ዓይነት። ስለዚህ ያለ አክስትሽም ቢሆን እንዲህ ያለ ፍርሃት አንድ ሌሊት መምጣቱ አይቀርም ነበር። አክስትሽ መልክ ሰጡት እንጂ።

አሁን ወደ ጅቡ እንሂድ። «ጅብ ቡዳ ነው» የሚለው የማን ትርጉም ነው? የአንቺ አይደለም። የአክስትሽም ብቻ አይደለም፤ ከእሳቸው በፊት ብዙ ትውልድ ሲቀባበለው የኖረ ነው። ቡዳ የተባለ ሰው ሌሊት ወደ ጅብ ይለወጣል የሚለውን እምነት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ይህ እምነት ደግሞ ዝም ብሎ የሚንሳፈፍ ተረት አይደለም፤ የሚያርፍበት ሰው ይፈልጋል። ሲያርፍ የኖረው በሸክላ ሠሪው፣ በቀጥቃጩ ላይ ነው። ማሰሮውን፣ ማረሻውን ከእነሱ እየገዙ እነሱን ግን መሸሽ። አክስትሽ የጎረቤትሽን ስም አልጠሩም። መጥራትም አላስፈለጋቸውም። ጅብ የሚለው ቃል ብቻውን መንገዱን ስለሚያውቅ አንቺን ራስሽን እሷ በር ላይ አደረሰሽ።

ግን እዚሁ አገራችን ሐረር ሂጂ። የጁገል ግንብ ከሥሩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጅቦች ሌሊት በዚያ ይገባሉ። እንዲገቡም ይፈለጋል። የሚበላ ነገር ጠርገው መሄዳቸው ብቻ አይደለም፤ ጅብ ጂን ይበላል፣ ከተማውን ከክፉ መንፈስ ያጸዳል ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። በዓሹራ ቀን ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ለጅቦች ይቀርባል፤ ከአበላላቸውም መጪው ዓመት ምን ይዞ እንደሚመጣ ይነበባል። እንግዲህ ያንን የመጀመሪያ ህልምሽን፣ ደጃፍ ላይ ተኝቶ ወደ ውጭ የሚያየውን ጅብ፣ ለአንዲት የሐረር አሮጊት ብትነግሪያቸው ኖሮ ምን ይሉሽ ነበር? «ደጅሽን ይጠብቅልሻል» ሊሉሽ ይችሉ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ምን ዓይነት ጅብ ይመጣ እንደነበር አስቢው።

የሐረሩ ትርጉም ትክክል ነው፣ የአክስትሽ ስህተት ነው እያልኩሽ አይደለም። ሁለቱም ከውጭ የመጡ ናቸው። ባህል ለእንስሳው ስም ይሰጠዋል፤ ያ ስም ግን ህልሙን ባየው ሰው ውስጥ እንስሳው ምን እንደሆነ አያውቅም። ይህን የጥንት ሰዎችም ያውቁት ነበር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ህልም ፈቺ አርቴሚዶሮስ፣ ህልም ከመፈታቱ በፊት የሰውየው ማንነት፣ ሥራው፣ ሀብቱ፣ ጤንነቱና ዕድሜው መታወቅ አለበት ይል ነበር። እባብ ወለድኩ ብለው ስላለሙ ሰባት ነፍሰ ጡር ሴቶችም ጽፏል። ህልሙ አንድ ነው። የሰባቱ ልጆች ዕጣ ግን ለየቅል ሆነ፤ አንዱ ተናጋሪ፣ አንዱ ነቢይ፣ አንዱ ወንበዴ ወጣቸው። ዛሬ «ውሻ ማለት ጠላት፣ ወፍ ማለት መልእክት» እያሉ የሚዘረዝሩት ገጾች ሁሉ የእሱ የልጅ ልጆች ናቸው። ዝርዝሩን ወርሰው ጥያቄዎቹን ጥለዋል።

በአንቺ ውስጥስ ጅብ ምንድን ነው? አንቺው ጽፈሽዋል፤ ሳታስቢው ይመስለኛል። ለአንቺ የጅብ ጩኸት የአያት እቅፍ ሰዓት ነው። ውጭ አስፈሪ ነገር አለ፣ ውስጥ ግን ሙቀት ነው። አሁን እናት ሆነሻል፤ አቃፊዋ አንቺ ነሽ። እኔ እንደምገምተው ያ ጅብ ደጃፍሽ ላይ ሲተኛ ይዞት የመጣው ያንን ሌሊት ነው፤ መቅለልሽም ለዚያ ነው። ግምት ነው፤ ትክክል መሆኑን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ስታነቢው ውስጥሽ «አዎ» ካለ ይዘሽው ሂጂ። ካላለ ጣይው። ህልም ላይ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም።

ለወደፊቱ ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ስትነቂ ስልክሽን አታንሺ። ህልም በደቂቃዎች ውስጥ የሚተን ነገር ነው። ልጁን ከማንሳትሽ በፊት፣ ወይም እያጠባሽው፣ ስሜቱን በአንድ ቃል ያዢው። ፍርሃት፣ ናፍቆት፣ እፍረት፣ ቅልል ማለት። ጥንካሬውን ከ10 ስንት እንደሆነ ለራስሽ ንገሪ። ከዚያ እንስሳው ምን እንዳደረገ ብቻ፤ ምን ማለት እንደሆነ ሳይሆን ምን እንዳደረገ። «ጅብ፣ ደጃፍ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቷል፣ ቅልል ማለት፣ 7።» ይኸው ነው፤ ወረቀት ላይ አንድ መስመር። ሦስተኛው ነገር ያ እንስሳ በአንቺ ሕይወት የት እንደነበረ ማሰብ ነው። ሰው የሚለው ከፈለግሽ በመጨረሻ ይምጣ። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ለሰው ነግረሽ ስትመለሺ ያ አንዱ ቃል ተቀይሮ «ለካ ፈርቼ ነበር» ማለት ከጀመርሽ ወረቀትሽን እይ። 7 ቅልል ማለት ብለሽ ከጻፍሽ አልፈራሽም። ፍርሃቱን ኋላ የተዋስሽው ነው።

ላሟ ላይ አልቆይም፤ ነገሩ ከጅቡ ይቀላል። ላም ሀብት ናት የሚለው ረጅም ዕድሜ ያለው ትርጉም ነው። በኦሪት ዘፍጥረት የፈርዖን ሰባት የሰቡ ላሞች ሰባት የጥጋብ ዓመታት ናቸው፤ በቁርኣንም ታሪኩ አለ። ግን ከዚያው ታሪክ ሰዎች የሚዘሉት አንድ ቦታ አለ። ዮሴፍ እስር ቤት ሳለ አብረውት የታሰሩት ሁለት ሹማምንት ያለሙ ዕለት፣ ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የጠየቃቸው «ምን አያችሁ?» ብሎ አይደለም። ፊታቸውን አይቶ «ዛሬ ፊታችሁ ስለ ምን አዘነ?» ነው ያላቸው። በራሱ ላይ ካለው መሶብ ወፎች እንጀራ ሲበሉበት ያየው ሰው ወፉን ከመናገሩ በፊት ፊቱ ተናግሮ ነበር። አንቺ እያለቀስሽ ነቅተሻል። እጅሽን የላሰችው ላም የማንም ላም አይደለችም፤ የአያትሽ ናት። አያትሽ ልጅሽን አላዩትም። ልቅሶሽን በሀብት አትለውጪው፤ አልቅሽለት። አክስትሽንም እስቲ ስለ ላሟ ትርጉም ሳይሆን ስለ ላሟ ራሷ ጠይቂያቸው፤ ስሟ ማን ነበር፣ ማን ያልባት ነበር። ከህልም ፍቺ የተሻለ ነገር የሚነግሩሽ ይመስለኛል።

እግረ መንገዴን ስለ ራሴ ልንገርሽ። እኔ በህልሜ ውሻ ሳይ ደስ አይለኝም። የሚያውቁኝ ሁሉ «ውሻ እኮ ታማኝ ወዳጅ ነው» ይሉኛል። ልጅ ሆኜ ባቴን የነከሰኝ ውሻ ግን ይህን አልሰማም ነበር። ጓደኛዬ ደግሞ ያሳደገችው ውሻ ከሞተባት በኋላ ነጋ ጠባ በህልሟ ትናፍቀዋለች፤ እሷን «ውሻ ጠላት ነው» ብለሽ ብትነግሪያት ትስቅብሻለች። እንስሳው አንድ ነው፤ እኛ ሁለት ነን።

አሁን የሚያስቸግርሽ ግን ሁለተኛው ጅብ ነው፣ ፊቱን ያዞረው። እሱን በፍቺ አታባርሪውም፤ የሚመለሰው ስለተፈራ ነው። «ላስበው አልፈልግም» ማለትም አይሠራም። ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳዩት፣ ሰዎች ከመተኛታቸው በፊት ላለማሰብ የታገሉት ነገር በህልማቸው ይበልጥ ይመጣል። የሚሠራው ተቃራኒው ነው። ለተደጋጋሚ ቅዠት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ፤ ባሪ ክራኮው የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ከባድ በደል ደርሶባቸው በቅዠት በሚሰቃዩ ሴቶች ላይ ሞክረውት ቅዠታቸው ቀንሷል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቀን ላይ፣ ልጁ ሲተኛ፣ ህልሙን ጻፊው። ከዚያ የፈለግሽውን ቦታ ቀይሪ፤ ደስ ባለሽ መንገድ፣ ማንንም ሳታማክሪ። ጅቡ ፊቱን መልሶ ወደ ውጭ ሊያዞር ይችላል። አያትሽ ከጓዳ ሊወጡና ሂድ ሊሉት ይችላሉ። አዲሱን ህልም ዓይንሽን ጨፍነሽ በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በሐሳብሽ አሳልፊው። አሮጌውን አትለማመጂ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው፣ ቅዠቱን ደጋግሞ ያመነዥከዋል። በአንድ ሌሊት አይሆንም፤ ጥቂት ሳምንት ስጪው።

ቅዠቱ በሳምንት ደጋግሞ እየመጣ ለመተኛት እስክትፈሪ ካደረሰሽ፣ ወይም ልቅሶው ከህልም ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ካልለቀቀሽ፣ ወይም ልጅሽን ማየት ራሱ ደስ ካላለሽ፣ ያ የህልም ጉዳይ አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት አለ፤ ሕክምናም አለው። ክትባት ስትወስጂው እዚያው ለጤና ባለሙያዋ ንገሪያት። በራስሽ ወይም በልጁ ላይ ጉዳት የማድረስ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ዕለት ሰው ይዞሽ ይሂድ። ከወሊድ በኋላ የተጀመረልሽ አዲስ መድኃኒት ካለም ጥቀሺላት። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ቅዠት ያበዛሉ። በራስሽ ግን አታቋርጪው።

አክስትሽን «ተሳስተዋል» ማለት አይጠበቅብሽም። ልጅሽን ስለሚወዱ ነው የፈሩት፤ ፍርሃታቸውን ያወጡትም በሚያውቁት ቋንቋ ነው። «እሺ፣ እጸልይበታለሁ» በያቸው፤ እውነትም ጸልዪ። የሚቀጥለውን ህልም ግን ለጊዜው ለእሳቸው አትንገሪ። ይህ ንቀት አይደለም፤ ህልሙን ከወፏ እግር ላይ ማቆየት ነው።

የቀረችው ጎረቤትሽ ናት። ስለ እሷ የምታውቂውን ሁሉ የምታውቂው በቀን፣ ዓይንሽ ተገልጦ ነው። ስትወልጂ ቤትሽን አጽድታለች፣ አብስላ አብልታሻለች። ህልምሽ ውስጥ ደግሞ አልነበረችም፤ እንደገና አንብቢው፣ አንድም ቦታ የለችም። ሰበብ ስትፈልጊ ሳታስተውለው የቀረች አይመስለኝም። ከትውልድ ትውልድ እንዲህ ሲሸሿቸው የኖሩ ሰዎች ልጅ ናት፤ ይህን ሽሽት ከሩቅ ታውቀዋለች። ስለዚህ ይቅርታውን በቃል አታስረዝሚው፣ ህልሙንም አትንገሪያት፤ ምን ያደርግላታል? ነገ ጠዋት ስትገባ ልጁን ዝም ብለሽ እቅፏ ላይ አድርጊላትና ፊትሽን ታጠቢ።